የኋላው በር ሲዘጋ

ቫሱዳ ካርካኒስ ሰው ትንቃለች። ይህን ሐሜት ብላችሁ አትያዙብኝ፤ ራሷም ብትሰማ አትክደውም። ሕንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ ውስጥ ሻንቲባን በሚባለው ግቢያችን ስድስት ፎቆች አሉ፤ በስድስቱም ውስጥ እሷ ያልናቀችው ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው።

«ምን አደረጉሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ለአንድ እስር ድንብላል መኪና የሚያስነሳ ሰው ምን ያደርገኛል?» አለችኝ። «እኔ ምን አደርገዋለሁ በይ እንጂ።»

የሴቶች ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ናት። ተማሪ ሳለች ጀምሮ በብስክሌት ነው የምትሄደው፤ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ትሸጉጥና ደብተሮቿን ኋላ ወንበር ላይ አስራ ትወጣለች። ድሮ ይህ ከተማ በሙሉ በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ ጧት ጧት የደወሉ ድምፅ ከወፉ ጩኸት ይበልጥ ነበር። አንዱ ሞተር ገዛ፣ ሌላው መኪና ገዛ፣ እሷ ብስክሌቷ ላይ ቀረች። ቀረች ብለው አዘኑላት። እሷ ደግሞ ናቀቻቸው።

እኔ እኩያዋ ነኝ፤ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፣ በእግሬ ነው የምመላለሰው። ከሷ ጋር የተዋደድነው ለዚህ ይመስለኛል። እኔን የምትንቀኝ በለሆሳስ ነው።

ግቢያችን ሁለት በር ነበረው። የፊተኛው በሰፊው አውራ ጎዳና ላይ ይከፈታል። እዚያ እግረኛው መንገድ አለ ይባላል፤ ነገር ግን ሞተሮች ቆመውበታል፣ ሻይ ሻጩ ምድጃውን አስቀምጦበታል፣ የመብራት ኃይሉ የብረት ሳጥን መሐሉ ላይ ተገትሯል። ለብስክሌት ተብሎ በቀይ ቀለም የተቀባ መስመርም ነበር፤ ከአንድ ጫማ ቤት ይነሳና ከሚቀጥለው ጫማ ቤት ፊት ያልቃል። «የተመረቀ ዕለት ፎቶ የሚነሱበትን ያህል ነው የሠሩት» ትላለች ቫሱዳ።

የኋላው በር ግን ጠባብ የብረት በር ሆኖ ወደ ቦዩ ዳር ያወጣል። በቦዩ ዳር በዛፍ የተከለለው መንገድ መኪና አያስገባም። በሱ ሄደን በልብስ አጣቢዎቹ ሰፈር፣ ከዚያ በሠርግ አዳራሹ ጓሮ አድርገን፣ በቀጫጭኖቹ የድሮ ሰፈር መንገዶች አትክልት ተራ እንደርሳለን። የሷም ትምህርት ቤት በዚያው ነው። አውራ ጎዳናውን የምታቋርጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ትራፊክ ፖሊስ በማይጠፋበት መብራት ላይ፤ እዚያም ስትደርስ ወርዳ እየገፋች ከእግረኛው ጋር ትሻገራለች። መንገዱ ከአውራ ጎዳናው ይረዝማል።

«እንደዚህ ዞረሽ ከምትሄጂ በቀጥታው ብትሄጂ አይቀልም?» ብሎ የጠየቃት አንድ ጎረምሳ ነበር፣ በእሽቅድምድም ብስክሌት እሑድ እሑድ የሚጋልብ።

«ጀግና ሁን የሚልህ መንገድ መንገድ አይደለም፣ ወጥመድ ነው» አለችው። «እኔ ሥራ ነው የምሄደው፣ ጦርነት አይደለም።»

በዚህ መሐል ነው ከግቢው አንድ ስኩተር የተሰረቀው።

የግቢው ኮሚቴ ሊቀመንበር ዲዋካር ራኦ ሱብሄዳር ናቸው። ከኢንሹራንስ ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሌላ የሚያዙት ሰው ስላጡ እኛን ያዝዙናል። አዲስ ነጭ መኪና አላቸው፤ ከፎቃቸው እስከ ፊተኛው በር ድረስ እንኳ በእግራቸው ሲሄዱ ያየ ሰው የለም። ስብሰባ ጠሩና ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ አሉ፦

«ወንድሞችና እህቶች፣ ሌባ የሚገባው በኋላው በር ነው። በዚያ የሚገቡት እነማን ናቸው? በእግራቸው የሚመጡ ሰዎች! መኪና ያለው ሰው ስኩተር አይሰርቅም። ስለዚህ በሩ ይዘጋ።»

ዘበኛው እጁን አወጣና በፍርሃት «ሳሄብ፣ ጌታዬ፣ ካሜራው ላይ እኮ ስኩተሩ የወጣው በፊተኛው በር ነው፤ ሌባው እየነዳ ነው የወጣው» አለ።

«ተቀመጥ!» አሉት።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ ድምፅ የለኝም፤ ጥግ ላይ ተቀምጬ ቫሱዳን አየኋት። እዚያ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ የኋላውን በር በየቀኑ ነው የሚጠቀምበት። ሁለት ለስላሳ ቃል ብትናገር በሩ አይዘጋም ነበር። ተነሳች።

«ዲዋካር ራኦ» አለች፣ «እርስዎ ከሆድዎ በታች ያለውን አካልዎን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀሙበት መቼ ነው?»

አንዳንዱ ሳቀ። እዚያ ላይ ብታበቃ ጥሩ ነበር። አላበቃችም። ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«እናንተስ? ልጆቻችሁን ሁለት መንገድ ለማሳለፍ በመኪና ትወስዳላችሁ፤ ማታ ደግሞ ቆማችሁ በሚሄድ ማሽን ላይ በቤታችሁ ትሮጣላችሁ። እግር ለናንተ ጌጥ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በር ምን ያደርግለታል? መስኮት ይበቃዋል!»

ሳቁ ጠፋ። በዘመናቸው ሁሉ ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ዕድሉን አገኙ። በሩ ይዘጋ የሚል እጁን ያውጣ ሲባል የደን ያህል እጅ ወጣ። አይዘጋ የሚል ሲባል ከቫሱዳ ጋር አንድ ሰው ብቻ እጁን አወጣ፤ እሱም ቺንታማን ነበር።

ቺንታማን ነኔ በባንክ ጸሐፊ ነው፤ ክብ ፊት፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ ሻይ የማይጠጣ ዓይነት ሰው። ሐኪሙ ልብህን አንቀሳቅሰው ስላለው ብስክሌት ገዝቶ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሄልሜቱን አጥብቆ ግቢው ውስጥ ብቻ ይዞር ነበርና ቫሱዳ «ድስት የደፋ ዱባ» የሚል ስም አወጣችለት። ስሙ ግቢውን ሁሉ አዳረሰ። እሱም ሰምቶ ፈገግ አለ።

በማግስቱ ዘበኛው በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። በሳምንቱ ዲዋካር ራኦ ሰንሰለቱን አላመኑትም መሰለኝ፣ በሩን በብየዳ አስዘጉት።

አሁን ሁላችንም በፊተኛው በር መውጣት ሆነ። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር መኪና የሚነዳው የመንገዱን ግራ ይዞ ነው። እኛ የምንሄደው ወደ ቀኝ ነው፤ በእኛ በኩል ያለው መኪና የሚፈሰው ደግሞ ወደ ግራ። መሐል ላይ በአጥር የተከፈለ አካፋይ አለ። ሕጉን አክብሮ ወደ ቀኝ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ግራ ተጉዞ፣ እዚያ ካለው ድልድይ ሥር ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጋር ተጋፍቶ ዞሮ፣ በማዶ መመለስ አለበት። ስለዚህ ብስክሌተኛውም ሞተረኛውም ዳር ዳሩን ይዞ በተቃራኒ ይነዳል፤ መኪና እየመጣበት፣ ደወሉን እየደወለ፣ አምላኩን እየጠራ።

ቫሱዳ አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አልነዳችም። ወርዳ፣ ብስክሌቷን በውስጥ በኩል አድርጋ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየች በእግሯ ትገፋለች። የሚያዳልጠውን ድንጋይና የሻይ ሻጩን ምድጃ እየዘለለች፣ ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለችውን ሁለተኛዋን ቀጭን መንገድ ስታገኝ ወደ ውስጥ ትታጠፍና ቦዩ ዳር ትወጣለች። ሞተረኞቹ ይሰድቧታል፤ እሷም መልሳ ትሰድባቸዋለች። እኔም ከኋላዋ እየሄድኩ ሁለቱንም እሰማለሁ።

አንድ ጧት ቺንታማን በሩ ላይ ጠበቃት። ሄልሜቱን አድርጓል፤ የምሳ ዕቃው መሪው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቫሱዳ ታይ» አላት። ታይ እኛ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው። «እርስዎ መንገዱን ያውቁታል። እኔ ባንኬ ከትምህርት ቤትዎ አለፍ ብሎ ነው። አብሬዎት ብሄድስ? አላስቸግርም፣ ከኋላ ነው የምሆነው።»

«የዱባ ማጓጓዣ አልከፈትኩም» አለችው። «እግር አለህ፣ ዓይን አለህ። ፈልግ።»

ቺንታማን ሳቀ፤ የሳቁ ጫፍ ግን ተሰብሮ ነበር። «ልክ ነው ታይ፣ ይቅርታ» ብሎ ሄደ። ሌላው ሰው ሲያደርግ ያየውን አደረገ፦ ዳሩን ይዞ በተቃራኒ።

«ምን አለበት ብታሳዪው?» አልኳት።

«ይማር» አለች።

ብዙ አልቆየም። አንድ ጧት እሷ ብስክሌቷን እየገፋች፣ እኔ ከጎኗ፣ ቺንታማን ከፊታችን እየነዳ ነበር። ከመጀመሪያዋ ቀጭን መንገድ አንዲት የወተት መኪና አፍንጫዋን አወጣች። ሹፌሩ ወደ ቀኙ ነው ያየው፤ መኪና የሚመጣው በዚያ ነዋ። በግራው በኩል ሰው ይመጣብኛል ብሎ ማን ያስባል? ወደ ቀኝ አይቶ ባዶ ሲሆንለት ነዳጁን ረገጠ። ቺንታማን የመጣው በግራው ነበር።

ድምፁ ከባድ አልነበረም። የወደቀ ባልዲ ዓይነት ድምፅ ነው። ብስክሌቱ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ ቺንታማን ወደ ጠርዙ ተወረወረና በጭንቅላቱ ድንጋዩን መታ። ምሳው መንገዱ ላይ ተበተነ።

ቫሱዳ ብስክሌቷን ጥላ ሮጠች። ስትሮጥ አይቻት አላውቅም ነበር። «አታንቀሳቅሱት! ማንም እንዳይነካው!» ብላ ጮኸች፤ ሊያነሱት የከበቡት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። ሄልሜቱ ከጆሮው በላይ ተሰንጥቋል። ጭንቅላቱ ደህና ነበር። ትከሻው ግን ጋድሎ ሌላ ቦታ ነበር የተቀመጠው።

«ታይ» አላት፣ «ምሳው ተደፋ እንዴ?»

«ዝም በል» አለችው። የወተቱ ሹፌር ወርዶ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ያለቅሳል። «አላየሁትም፣ ወላሂ አላየሁትም» ይላል። እውነቱን ነው፤ አላየውም።

ሰው ተሰብስቦ መንገዱ ተዘጋ። ከኋላ አንድ መኪና ጥሩንባውን ይነፋል፤ ያቆማል፤ ደግሞ ይነፋል። ዞር ብዬ ባይ ነጩ መኪና ነው። ዲዋካር ራኦ መስታወቱን የእጃቸውን ያህል ዝቅ አደረጉ፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣባቸው ነው።

«ምንድን ነው? ለምን ወደ ዳር አትሉም?»

«ቺንታማን ተገጨ!» አልኳቸው።

«እየነዳ የነበረው በተቃራኒ ነው፣ አይደል?» አሉ። «ሕግ ያጠፋው እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።» መስታወቱን መልሰው ከፍ አደረጉ።

ቫሱዳ ሰማቻቸው። ስድብ ትወረውራለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቀና ብላ አየቻቸውና እንደገና ወደ ቺንታማን ጎንበስ አለች። ከዚያ በፊት ሰው ንቃ ዝም ስትል አይቻት አላውቅም፤ ዝምታው ከስድቧ ይከፋ ነበር።

ትከሻው ተጠገነ። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲተኛ ቫሱዳ ልትጠይቀው ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ብርቱካን ይዛለች። ሰው ቤት እንግዳ ሆና መሄድ አልለመደችምና ከረጢቱን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት። በሩን የከፈተችው የቺንታማን ሚስት ፕራሚላ ናት። ሰላም ብትለንም ግቡ አላለችንም።

«በሩ ባይዘጋ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር» አለች ቫሱዳ። «ያ ደነዝ ዲዋካር...»

«ቆይ ታይ» አለቻት ፕራሚላ። «በሩን የዘጋው እሱ ብቻ ነው?»

«ሌላ ማን ነው?»

«እሱ በብየዳ ዘጋው። እርስዎ ደግሞ በአፍዎ። ያን ቀን እኔ እጄን ላወጣልዎት ተዘጋጅቼ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡትም እንደዚያው። እግራችሁ ጌጥ ነው ብለው ሲሰድቡን ተውነው። ባሌ ደግሞ መንገድ አሳዩኝ ብሎ ለምኖዎት ዱባ አሉት።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አመሻሽ ላይ መጥቶ ነገረኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ።»

ቫሱዳ ብርቱካኑን መሬት ላይ፣ ጫማ የሚወለቅበት ቦታ አስቀመጠችና «ልክ ነሽ» አለች። ደረጃውን ወርደን መጨረሻው ላይ ስንደርስ «እንዴት ያለች ሴት ናት!» አለች፣ በአድናቆት። ከዚህ ግቢ ሰው አድንቃ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ፕራሚላ ራሷ ሁለተኛ ስብሰባ ጠየቀች። ቫሱዳ መጥታ ከኋላ ወንበር፣ ከተከራዮቹ ከኛ ጋር ተቀመጠች። ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

ዲዋካር ራኦ ስለ ጸጥታ ተናገሩ። በዓለም ላይ ስላሉ ታላላቅ ከተሞች ተናገሩ፤ የትኛውንም አላዩትም። በመጨረሻም «በእግር መሄድ የድሮ ነገር ነው፤ የኛ ግቢ ወደ ፊት ማየት አለበት» አሉ። ቫሱዳ ከጎኔ ትንፋሿን ስባ አፏን ስትከፍት ክንዷን ጨበጥኳት። ክንዴን ጨምድዳ ይዛ አፏን መልሳ ዘጋችው። እንዴት እንደታገለችው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ክንዴ ላይ የጥፍሯ ምልክት ቀርቶ ነበር።

ፕራሚላ ተነሳች። «እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው» አለች። «በሩ ከተዘጋ ወዲህ በእግሩ መውጣት የተወ ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

አንዲት አሮጊት አወጡ። አንድ ዓይኑ የደከመ የሙዚቃ መምህር አወጣ። ልጆቿን በእግር ትወስድ የነበረች እናት አወጣች። ከዚያ ከፊተኛው ረድፍ አንድ ቀጭን፣ አምባር የሞላበት እጅ ቀስ ብሎ ወጣ። የኩሱም ካኩ እጅ ነበር፤ የሊቀመንበሩ ሚስት። ካኩ እኛ ዘንድ አክስት እንደማለት ነው።

«ኩሱም!» አሉ ዲዋካር ራኦ።

«ምን ኩሱም ኩሱም ይላሉ» አለች፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ እንዳደረገች። «በየጧቱ በቦዩ ዳር ቤተ መቅደስ እሄድ ነበር። ሠላሳ ዓመት። አሁን በዚያ አውራ ጎዳና ልሂድ? ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። በመኪና ላድርስሽ ይሉኛል፤ ከዚያ ማቆሚያ የለም ብለው በጥሩንባ ያጣድፉኛል። አምላክም በእርጋታ ነው የሚለመነው።»

ሳቁ እንደ ጎርፍ ነው የመጣው። ከዚያ ድምፅ መቁጠር አስፈላጊ አልነበረም፤ ቢሆንም ተቆጠረ፣ በሩም ይከፈት ተባለ።

ሌባ እንዳይገባ ምን ይደረግ ሲባል ግን ሁሉም ጎረቤቱን አየ። ፕራሚላ ወደ ኋላ ዞረች። «ቫሱዳ ታይ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ተነሳች። ሁሉም የሚሰደብ መስሎት ራሱን አዘጋጀ።

«ስኩተር በእግረኛ በር እንዳያልፍ ማድረግ ቀላል ነው» አለች። «ሁለት አጭር የብረት አጥር ፊትና ኋላ አዛንፎ መትከል። ሰው ይታጠፋል፣ የሕፃን ጋሪ ይታጠፋል፣ ብስክሌትም በእጅ ሲገፋ ይታጠፋል። ሞተር ግን አይታጠፍም። አንድ መብራት ደግሞ ይሰቀል። ማታ ዘበኛው ይቆልፈው፣ ሲነጋ ይክፈተው።» ትንሽ አሰበችና «እባካችሁ» ብላ ጨመረች። ቃሉን ስታወጣው ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊቷን አጨማደደች።

ቺንታማን ትከሻው ድኖ ሐኪሙ ሲፈቅድለት አዲስ ሄልሜት ገዛ። ቫሱዳ ራሷ ሄዳ በሩን አንኳኳች። «ተነስ» አለችው፣ «እንሂድ።» እኔም የሥራ ሰዓቴ ስለነበር እስከ ልብስ አጣቢዎቹ ድረስ ከኋላቸው በእግሬ እየሄድኩ ትምህርቱን ሰማሁ።

«መኪኖች የቆሙበት ስትደርስ ራቅ በል! ራቅ! አንዱ ሳያይ በሩን ቢከፍተው የት ትገባለህ?»

«እሺ ታይ።»

«አውቶቡስ ቆሞ ካየህ በግራው አትሹለክ። ሲታጠፍ አያይህም፤ ቢያይህም ግድ የለውም። ከኋላው ቁም።»

«እሺ ታይ። ትንሽ ቀስ ብንልስ?»

«ከዚህ ወዲያ ቀስ ካልን ወደ ኋላ ነው የምንሄደው!» አለች። ግን ቀስ አለች። አይቻታለሁ፤ ፍሬኑን ስትይዝ።

ቺንታማን የትራፊክ መብራቱ ጋ ሲደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነገረው ወርዶ መግፋት መጀመሩን በማግስቱ ነገረችኝ። «ዱባ አይደለም» አለች። «ዱባ አይማርም።» ከዚህ የበለጠ ሙገሳ ከሷ አልጠብቅም።

በሩ በይፋ የተመረቀው እሑድ ጧት ነው። ዲዋካር ራኦ «የእግረኛና የብስክሌተኛ ወዳጅ፣ ሊቀመንበር ዲዋካር ሱብሄዳር ያሠሩት» የሚል የእብነ በረድ ጽሑፍ አስቀርጸው ግድግዳው ላይ አስለጥፈው ነበር። እኛ ሁላችን ቆመን እንጠብቃለን፤ ኩሱም ካኩ የአበባ ጉንጉን ይዛለች፣ ሪባኑ ተወጥሯል። ሊቀመንበሩ የሉም። ከቤታቸው እስከዚህ በር በእግር ሻይ ሳይበርድ የሚደረስ ነው።

«የት ሄዱ?» አለች ፕራሚላ።

ዘበኛው ጭንቅላቱን አከከ። «በመኪና ነው የወጡት። በፊተኛው በር። ዞረው በዚያ ማዶ ሊመጡ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ለሳቅም አይበቃም ነበር። ቫሱዳ ሳሪዋን ሸጎጠች፣ ብስክሌቷን አዛንፋ በአጥሩ መሐል አሾለከች፣ ሪባኑንም በፊተኛው ጎማዋ ገፍታ በጠሰችው። ቺንታማን ተከተላት። ከዚያ ኩሱም ካኩ ጉንጉኑን ለዘበኛው አስይዛ «እኔም ቤተ መቅደስ ረፍዶብኛል» ብላ አለፈች።

ነጩ መኪና ከቦዩ ማዶ፣ መኪና የማያስገባው ምሰሶ ጋ ደርሶ ጥሩንባውን ሲነፋ እኛ ዛፎቹ ሥር ገብተናል። አንዳችንም ዞር አላልንም።